ያበደ የትሬዲንግ ስክሪፕትን ማስቆም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኪሳራው በቀን 200 ዶላር ሲደርስ እንዲቆም የሚያደርግ መስመር በስክሪፕቴ ውስጥ ጽፌያለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ ገደብ ማበጀትዎ ትክክል ነው፤ ያኖሩበት ቦታ ግን አያዋጣም። ስክሪፕቱ አንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ወደዚያ መስመር ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ ጠባቂው ሌላ ፕሮግራም ሆኖ፣ የሂሳቡን ሁኔታ ከስክሪፕቱ ሳይሆን በቀጥታ ከብሮከሩ መጠየቅ አለበት። የሚቆጠረው ነገርም መታየት ይኖርበታል። ቀኑን በ10,000 ዶላር ጀምረው በተዘጉ ግብይቶች የ90 ዶላር ኪሳራ ደረሰብዎት፣ ገና ያልተዘጋው ደግሞ 130 ዶላር ወረደ እንበል። የተዘጋውን ብቻ የሚቆጥር ስክሪፕት 90 ላይ ነኝ ብሎ ይቀጥላል፤ ጠቅላላውን የሚያይ ጠባቂ ግን 9,780 ሲያነብ ገደቡ መታለፉን ያውቃል።

ጥያቄ፦ የእኔስ ቆሞ ነበር፤ ሰርቨሩ በራሱ መልሶ እያስነሳው በአንድ ቀን ገደቡን ሦስት ጊዜ ከሰርኩ።

መልስ፦ የቀኑ መነሻ ሂሳብ ፋይል ላይ ስላልተጻፈ፣ ስክሪፕቱ በተነሣ ቁጥር የቀረውን ገንዘብ እንደ አዲስ መነሻ ወስዶታል ብዬ እገምታለሁ። መነሻውም የማቆም ውሳኔውም ዲስክ ላይ ይቀመጡ፦

```
if equity <= day_start - 200:
    open("HALT", "w").close()
```

`HALT` ካለ ትእዛዝ አይላክም፤ ፋይሉን የሚያጠፋውም ሰው ብቻ ይሁን። ከዚህ የሚሻለው የብሮከሩን ቁልፍ ለጠባቂው ብቻ ሰጥቶ፣ ትእዛዝ ሁሉ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ `kill -9` እያለ ይህ ሁሉ ለምን?

መልስ፦ ፕሮግራሙ ይሞታል፤ ብሮከሩ ዘንድ የተቀመጡት ትእዛዞች ግን ይቆያሉ። መጀመሪያ አዲስ ትእዛዝ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ያሉት ይሰረዛሉ፣ ከዚያም አንድም እንዳልቀረ ብሮከሩ ደጋግሞ ይጠየቃል፤ የስረዛ ጥያቄው በመንገድ ላይ ሳለ ትእዛዙ ሊፈጸም ይችላልና። የተያዘው ግብይት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። የአሜሪካው የአክሲዮን ግብይት ድርጅት ናይት ካፒታል በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. በ45 ደቂቃ ገደማ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲከስር፣ ሠራተኞቹ ችግሩን ለመፍታት አዲሱን ኮድ በትክክል ከሚሠሩት ሰርቨሮች አነሡትና ጥፋቱን አባባሱት። ትእዛዝ መላኩን ሳያቆሙ መንስኤ መፈለግ የሚያመጣው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ከ200 ዶላር በላይ አልከስርም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዋጋው በአንድ ጊዜ ከዘለለ ጠባቂው የሚነቃው 200 ካለፈ በኋላ ነው፤ መዝጊያው ትእዛዝም የሚፈጸመው በተገኘው ዋጋ ነው። በዚህ ምክንያት ጠባቂው የእያንዳንዱን ትእዛዝ መጠንና በደቂቃ የሚላኩትን ብዛት ጭምር ቢገድብ ይበጃል።

ሌላ ተሳታፊ፦ እኔ ግን ግብይቱን ጠባቂው ራሱ እንዲዘጋው አልፈቅድም። የዋጋ መረጃው የተሳሳተ ከሆነ ጤነኛውን ግብይት በከንቱ ይሸጥብኛል።

መልስ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ባለሙያዎችም በዚህ ላይ አይስማሙም። እኔ ዋጋው ትኩስ ከሆነ ይዝጋ፣ ከቆየ ግን ትእዛዞቹን ሰርዞ ይደውልልኝ እላለሁ፤ ሌሊት ስልኩን የሚያነሣ ከሌለ ግን ይህም አይሠራም።