ኢሜይሉ «ተልኳል» ካለ በኋላ የት ይቀራል?

«ኢሜይሉ ተልኳል ይለኛል፤ ተቀባዩ ግን አልደረሰኝም ይላል። መሃል ላይ የት ነው የሚቀረው?»

«ተልኳል» ሲል የእርስዎ የወጪ ሰርቨር መልእክቱን ተረክቧል ማለት ብቻ ነው፤ ርክክቡ አብዛኛውን ጊዜ በፖርት 587 ነው። ቀጥሎ ሰርቨሩ ከ@ በኋላ ያለውን ዶሜይን ይዞ የኢንተርኔት የስም ማውጫ ከሆነው ዲኤንኤስ የMX መዝገቡን፣ ማለትም የዚያን ዶሜይን ኢሜይል የሚቀበለው ሰርቨር የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል፤ የተቀባዩን ሰርቨር ስም ያገኝና በፖርት 25 ያስረክበዋል።

ያኛው ሰርቨር «ተቀብያለሁ» የሚለውን ኮድ 250 ከመለሰ ኃላፊነቱ የእሱ ሆኗል፤ ስለዚህ ተቀባዩ መጀመሪያ የስፓም ሳጥኑን ይፈትሽ። በ4 የሚጀምር ኮድ ከመለሰ ግን እንቢታው ጊዜያዊ ነው። መልእክቱ እርስዎ ሰርቨር ላይ ወረፋ ይዞ፣ ብዙ ጊዜ እስከ 5 ቀን፣ ደጋግሞ ይሞከራል። ላኪም ተቀባይም ምንም ሳያዩ የሚቆዩት በዚህ ጊዜ ነው። በ5 ከጀመረ ሙከራው ያበቃል፤ አለመድረሱን የሚገልጽ ኢሜይል ወደ እርስዎ ይመለሳል። እዚያ ላይ 550 5.1.1 የሚል ካዩ እንዲህ ያለ አድራሻ እዚያ ሰርቨር ላይ የለም፤ ፊደሉን ያረጋግጡ።