«ሁለት አምስተኛ» ከየት መጣ? ክፍልፋይን በወረቀት ስለማስተማር የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ወረቀት ለሁለትና ለአራት ማጠፍ አይቸግራቸውም። ለሦስት ሲሆን ግን አንዱ ክፍል ሁልጊዜ ይጠብባል። ምን ላድርግ? (የአምስተኛ ክፍል መምህርት)

መልስ፦ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ለሁለት ሲታጠፍ ጫፍና ጫፍ ስለሚገጥም ወረቀቱ ራሱ ልኩን ይናገራል። ለሦስት ሲሆን ግን የመጀመሪያው እጥፋት የት እንደሚያርፍ የሚጠቁም ነገር የለም። ስለዚህ ከኤ4 ወረቀት ርዝመታቸው 24፣ ስፋታቸው 3 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ቁራጮች ያዘጋጁ። 24 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 እና ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ለሲሶ 8 እና 16 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጎ ማጠፍ ነው።

ማስመሪያ ለሁሉም ካልተዳረሰ መስመር ያለው የደብተር ገጽ ይተካዋል። ቁራጩን በገጹ ላይ አጋድመው የአንዱን ረጅም ጠርዝ መነሻ አንድ መስመር ላይ፣ መጨረሻውን ከዚያ በታች ባለው 24ኛ መስመር ላይ ያሳርፉ። ጠርዙ 8ኛውንና 16ኛውን መስመር በሚነካበት ቦታ ነጥብ ያድርጉ። መስመሮቹ እኩል ስለሚራራቁ ቁራጩ የቱንም ያህል ቢጋደም ሦስት እኩል ቦታ ይከፈላል። ለአምስት መክፈል ሲፈልጉ 20 መስመር ወስደው በየአራቱ ምልክት ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ይጽፋል። የጋራ ታህት ፈልግ ስለው በትክክል ይሠራል፤ በማግሥቱ ተመልሶ እዚያው ነው። (የተማሪ እናት)

መልስ፦ ደንቡን ለጊዜው ይተዉት፤ ልጅዎ ደንቡን ያውቀዋል። የጎደለው 2/5 የማይሆን መልስ መሆኑን የሚያይበት ዓይን ነው።

እኩል ርዝመት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ይስጡት። አንዱ ሳይነካ ይቀመጥ፤ እሱ ሙሉው ነው። ሁለተኛውን ለሁለት፣ ሦስተኛውን ለሦስት አጥፎ ይቁረጥ። ከዚያ ግማሹን በሙሉው ላይ ከግራ ጫፍ ጀምሮ ያስቀምጥ። ሲሶውን ከጎኑ ከማስቀመጡ በፊት «አሁን ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ይጠይቁት። በግማሹ ላይ ሊጨምርበት ነውና «ይበልጣል» ይላል። ቀጥሎ ሌላ 24 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ለአምስት ይክፈልና ሁለቱን ክፍሎች ከግማሹ ጋር ያስተያይ። ሁለት አምስተኛው 9.6፣ ግማሹ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ጨምሮበት አነሰ ማለት ነው! እዚህ ላይ እርስዎ አያብራሩ፤ ግራ መጋባቱ ትንሽ ይቆይበት።

አሁን ሲሶውን ከግማሹ ጎን ያድርግ። በስተቀኝ ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ከተቆረጡት ሲሶዎች አንዱን ለሁለት ቢያጥፈው ክፍተቱን ልክ ይሞላዋል። ያች ትንሽ ቁራጭ በሙሉው ላይ ስድስት ጊዜ ትገባለች፤ በግማሹ ላይ ሦስት ጊዜ፣ በሲሶው ላይ ሁለት ጊዜ። መልሱ አምስት ስድስተኛ ነው። የጋራ ታህት የሚባለው ይኸው ነው፦ ሁለቱንም ያለ ትርፍ የሚለካ አንድ ዓይነት ቁራጭ መፈለግ። 3/6 + 2/6 ተብሎ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

በማግሥቱ ያለ ወረቀት ይሞክሩት። «1/4 + 1/3 ከግማሽ ይበልጣል?» ይበሉት። ሁለት ሩብ ግማሽ እንደሚሞላ፣ ሲሶ ደግሞ ከሩብ እንደሚበልጥ አስታውሶ «ይበልጣል» ካለ ገብቶታል። እርሳሱን አንሥቶ 2/7 ከጻፈ ወደ ቁራጮቹ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ወረቀት ይቀደዳል፣ ይባክናልም። ሁሉንም በጠጠር ብናስተምር ምን ይጎድላል? (መምህር)

መልስ፦ የ12 ሦስት አራተኛ ስንት ነው ለሚል ጥያቄ ጠጠር ከወረቀት ይሻላል። ለመደመር ግን ተጠንቀቁ፤ ከላይ ያየነውን ስሕተት ትክክል አስመስሎ ያሳያል። ልጁ ግማሽን ለማሳየት ሁለት ጠጠር አስቀምጦ አንዱን ቀለም ይቀባል። ለሲሶ ሦስት አስቀምጦ አንዱን ይቀባል። ከዚያ ይሰበስባቸዋል፦ አምስት ጠጠር፣ ሁለቱ የተቀቡ። ሁለት አምስተኛ! ዓይኑ እያየ ተሳስተሃል ብትሉት ማንን ይመን?

ነገሩ ሙሉው ሦስት ጊዜ መለዋወጡ ነው፤ መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ በመጨረሻ አምስት ጠጠር ሆነ። ከሁለት ሙከራ አንዱ፣ ከሦስት ሙከራም አንዱ የተሳካለት ተጫዋች ከአምስት ሁለቱ ተሳክቶለታል ማለት ልክ ነው፤ ይህ ግን የክፍልፋይ መደመር አይደለም። መፍትሔው ከመጀመሪያው ስድስት ጠጠር በአንድ ሳህን ላይ አድርጎ «ሙሉው ይህ ነው፤ አይጨመርም፣ አይቀነስም» ማለት ነው። ግማሹ ሦስት፣ ሲሶው ሁለት፤ በድምሩ ከስድስቱ አምስት። በወረቀቱ እኩል ቁራጮች ስለተጠቀምን ሙሉው ሳይነገር ተጠብቋል። ለዚህ ነው መደመርን በወረቀት መጀመር የምመርጠው።

ጥያቄ፦ የ3/4ን 2/3 በወረቀት አሳይቼ ውጤቱን ስጠይቅ ከፊሎቹ 11/12፣ ከፊሎቹ 6/9 አሉኝ። የት ተሳሳትኩ? (መምህርት)

መልስ፦ በቁመት ሦስቱን አራተኛ፣ በአግድም ሁለቱን ሦስተኛ አስቀብተው ይሆናል። ከ12 ሳጥኖች ቀለም ያልነካው አንድ ብቻ ስለሚቀር አንዳንዱ ልጅ የተቀባውን ሁሉ ቆጥሮ 11 ይላል። 6/9 ያሉት ደግሞ ሁለት ጊዜ የተቀቡትን በትክክል ቆጥረው፣ ያነጻጸሩት ግን ከሙሉው ወረቀት ጋር ሳይሆን መጀመሪያ ከተቀባው ጋር ነው።

ቅደም ተከተሉን ይቀይሩት። አራት ማዕዘኑን ወረቀት በቁመት ለአራት አጥፈው ይክፈቱና ሦስቱን ክፍል ያስቀቡ። ያልተቀባውን ሩብ ወደ ኋላ አጥፈው ይደብቁት። አሁን ፊት ለፊት የሚታየው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። እንደ ታጠፈ በአግድም ለሦስት ይጠፍና ከሚታየው ላይ ሁለቱን ረድፍ በእስክሪብቶ ያስምሩበት። ከዚያ ሁሉንም ይክፈቱት። የተደበቀው ሩብም አብሮ ስለታጠፈ 12 ሳጥኖች ይወጣሉ፤ የተሰመረባቸው 6 ናቸው። «ከሙሉው ወረቀት ስንት?» ብለው የሚጠይቁት አሁን ነው። ፈጣን ተማሪ ካለ፣ የሦስት ሩብ ሁለት ሦስተኛ ሁለት ሩብ ነው ብሎ ሳይቆጥር ግማሽ ይልዎታል፤ ይህን ሲሰሙ ደስ ይበልዎ፤ ቀጥሎ ግን የ3/4ን 1/2 ይስጡት፤ በዚያኛው አቋራጩ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ሦስት ጊዜ ካጠፍነው ሦስት ክፍል ይሆናል የሚሉ ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ ከመክፈታቸው በፊት ግምታቸውን ያስጽፏቸው፤ ስምንቱን ክፍል ሲያዩ ይታረማሉ። እጥፋቱን ሳይሆን ክፍሉን እንዲቆጥሩም ያሳስቧቸው፤ በቁራጩ ላይ ሰባት መስመር ያየ ልጅ ሰባተኛ ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ወረቀቱን መቼ ልተወው?

መልስ፦ 7/8 እና 8/9ን ለማወዳደር ወረቀት የሚጠይቅ ልጅ ገና ነው። ደግሞም ዘጠነኛና ስምንተኛ በእጅ ሲታጠፉ ልዩነቱ በእጥፋቱ ስሕተት ይዋጣል። ከሙሉው የጎደለውን አስቦ፣ 1/9 ከ1/8 ስለሚያንስ 8/9 ይበልጣል ካለ ወረቀቱን ማስቀመጥ ይቻላል። በነጻ እጁ አንድ ዘንግ ስሎ፣ ክፍሎቹ ጠማማ ቢሆኑም እንኳ «እኩል ናቸው ብለን እንያዝ» ብሎ በትክክል የሚሠራ ልጅም እንደዚሁ ነው፤ ሥዕሉን አታስተካክሉበት።