መልስ፦ ሰከንዱ ተለያይቶ አይኤንአሩ እንዴት አንድ ሆነ?

«ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን እወስዳለሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ ቀን ሁለት ላብራቶሪ ፒቲ የሚባለውን የደም መርጋት ምርመራ ተመረመርኩ። አንዱ 30 ሰከንድ አለኝ፣ ሌላው 23። አይኤንአሩ ግን ሁለቱም ጋ 2.5 ነው። የቱን ልመን?»

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አይዞህ። አይኤንአር የየላብራቶሪው ሰከንድ እንዲነጻጸር ከፒቲው ተሰልቶ የሚወጣ ቁጥር ነው።

ደምህ የሚቀዳው ሲትሬት ባለበት ቱቦ ነው። ሲትሬቱ ካልሲየሙን ስለሚይዘው ደሙ አይረጋም። ቱቦው እስከ ምልክቱ መሙላት አለበት፤ ከጎደለ ሲትሬቱ ይበዛና ሰከንዱ ያለአግባብ ይረዝማል። ከዚያ ፕላዝማው ይለያል፣ 37 ዲግሪ ላይ ይሞቃል፣ መርጋቱን የሚያስጀምረው ትሮምቦፕላስቲንና ካልሲየም ይጨመርበታል። እስኪረጋ የፈጀው ሰከንድ ነው ፒቲ የሚባለው።

ችግሩ ትሮምቦፕላስቲኑ ላይ ነው። የመርጋት ፕሮቲኖች ሲቀንሱ አንዱ ምርት ሰከንዱን በጣም ያስረዝማል፣ ሌላው ብዙም አያስረዝም። ይህን ልዩነት የሚያስተካክለው ለየምርቱ የሚሰጠው አይኤስአይ የሚባል ቁጥር ነው፦

```
INR = (PT / MNPT)^ISI
```

MNPT የጤነኞች አማካይ ፒቲ ነው፤ ሁለቱም ጋ 12 ሰከንድ ነው እንበል። የመጀመሪያው አይኤስአይ 1.0 ከሆነ፣ 30 ለ12 ሲካፈል 2.5 ነው፤ አለቀ። የሁለተኛው 1.4 ከሆነ፣ 23 ለ12 ሲካፈል 1.92 ይመጣል፤ በ1.4 ከፍ ሲል እሱም 2.5 ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አዲስ የትሮምቦፕላስቲን ሎት ተከፍቶ ማሽኑ ላይ አይኤስአዩ ካልተቀየረስ? ያ 1.4 በስህተት 1.0 ሆኖ ቢቀር ውጤትህ 1.9 ይላል። ሐኪሙ ደምህ ወፈረ ብሎ ዋርፋሪኑን ይጨምራል፣ አንተ ልትደማ ትችላለህ። መድኃኒትህና አመጋገብህ ሳይቀየር አይኤንአርህ በድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ መጠኑ ከመነካቱ በፊት ምርመራው ይደገም በል።