ቤት ስንቀይር የኢንተርኔት ውል እንዴት እንሰርዛለን? (ጀርመን)

«ከፍራንክፈርት ወደ ካስል ልንገባ ነው። ኢንተርኔቱን በስልክ ሰርዙልኝ ብያቸው እሺ ብለውኛል። ደብዳቤም ያስፈልጋል እንዴ? ምን ተብሎ ይጻፋል?»

እህቴ፣ የስልኩን «እሺ» እርሺው። እኔም አንዴ በስልክ ጨርሻለሁ ብዬ ቤት ቀየርኩ። ከሦስት ወር በኋላ አካውንቴን ሳይ ለካ በየወሩ 39.99 ዩሮ ሲቆርጡ ነበር። ስደውል «እኛ ጋ የተመዘገበ ነገር የለም» አሉኝ። በእጄ ምን አለኝ? ከፈልኳ።

መጀመሪያ ድረ ገጻቸው ላይ የካስሉን አድራሻ አስገቢና እዚያ መስመር ይሰጡ እንደሆነ እዪ። የሚሰጡ ከሆነ ውሉ አብሮሽ ይሄዳል፣ ጊዜው ሳያልቅ አትወጪም። የማይሰጡ ከሆነ ግን ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ባለው ሕግ፣ የ24 ወሩ የውል ጊዜ ባያልቅም በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችያለሽ። የሚያበቃበትም ቀን ቤቱን የምትለቂበት ቀን መሆን ይችላል። ጁን 30 የምትለቁ ከሆነ ደብዳቤው እስከ ሜይ 30 እጃቸው ይግባ። ያቺን «አገልግሎቱ አይገኝም» የምትለዋን ገጽ ስክሪንሾት አንሺ፣ ኋላ ትጠቅምሻለች።

ደብዳቤው አጭር ነው፣ በጀርመንኛ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ይኼው ነው፦

«ጉዳዩ፦ ውል ስለማቋረጥ። የደንበኛ ቁጥር … የውል ቁጥር …
ጁን 30 አሁን ያለሁበትን ቤት ለቅቄ ወደ … አድራሻ እገባለሁ። እዚያ አገልግሎታችሁ ስለማይገኝ ውሌን ከጁን 30 ጀምሮ አቋርጫለሁ፤ በዚህ ቀን ካልሆነም ሕጉ በሚፈቅደው በመጀመሪያው ቀን። ደብዳቤዬ መድረሱንና ውሉ የሚያበቃበትን ቀን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ።»

ልብ በዪ፣ «አቋርጫለሁ» ነው የሚለው። እኛ ሐበሾች «እባካችሁ እንድታቋርጡልኝ በትሕትና» ማለት እንወዳለን፤ እንደዚያ ስትዪ ግን ፈቃድ የጠየቅሽ ይመስላል። የምትጠይቂው ማረጋገጫውን ብቻ ነው። የደንበኛ ቁጥሩ (ኩንደንኑመር) ቢሉ ላይ አለልሽ፣ ስልክ ቁጥርሽን በሱ ቦታ እንዳትጽፊ። እነሱ ጋ የሞባይል ውልም ካለሽ ደግሞ የውል ቁጥሩን የግድ ጻፊ፣ አለዚያ የትኛው እንደሚዘጋ አይታወቅም።

በኢሜይልም ይሄዳል፣ እኔ ግን ሁለተኛ ጊዜ ድረ ገጻቸው ላይ Verträge hier kündigen፣ ማለትም «ውል እዚህ አቋርጡ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ ነው የላክሁት፣ መድረሱን ወዲያው በኢሜይል ነገሩኝ። ይሄ ግን «ደርሶናል» ነው እንጂ ቀኑን ተቀብለናል አይደለም! ከሳምንት በኋላ የመጣልኝ ደብዳቤ የሚያበቃበትን ቀን ከዘጠኝ ወር በኋላ አድርጎት ቁጭ። ስክሪንሾቱን አያይዤ፣ ያንኑ የደንበኛ ቁጥር ጽፌ መለስኩላቸው፣ አስተካክለው ላኩ። ያኔ ነው ራውተሩን ያሸግሁት።