መጥረቢያው 9 ይመታል፣ ግን ስንት ያስከፍላል?

«ማይንክራፍት ሰርቫይቫል ላይ የብረት መጥረቢያ 9 ዳሜጅ አለው፣ የብረት ሰይፍ ግን 6 ብቻ። ታዲያ ሰው ለምን ሰይፍ ይሠራል?»

ጃቫ ኤዲሽን ላይ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ዱራቢሊቲው ላይ ነው። ሁለቱም 250 ይዘው ይጀምራሉ፤ ሰይፍ ሞብ በመታ ቁጥር 1 ሲቀነስበት መጥረቢያ ላይ ግን 2 ይቀነሳል። መጥረቢያ 1 ብቻ የሚቀነስበት ብሎክ ሲሰብር ነው።

ክሪፐርን እንይ። ሄልዙ 20 ነው፣ አርመር የለውም። ሳትዘል፣ ምቱ እስኪሞላ እየጠበቅክ ከመታኸው በሰይፍ 4 ምት ይበቃዋል፤ 4 ዱራቢሊቲ ሄደ ማለት ነው። በመጥረቢያ 3 ምት ነው፣ ግን 6 ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰይፍ 62 ክሪፐር ሲገድል መጥረቢያው 41 ላይ ያበቃለታል። በዚያ ላይ ሰይፍ በ2 የብረት ኢንጎት ይሠራል፣ መጥረቢያ 3 ይፈልጋል። መጥረቢያው ቀርፋፋ ስለሆነ በጊዜም አያተርፍህም።

እንዲያውም የድንጋይ ሰይፍ (ዳሜጅ 5) ክሪፐርን በዚያው 4 ምት ይገድለዋል። ዱራቢሊቲው 131 ቢሆንም ዋጋው 2 ኮብልስቶንና አንድ ዱላ ነው። ዞምቢ ላይ ግን 5 ምት ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ዞምቢ ትንሽ አርመር አለው፤ አራቱ ምት ለጥቂት ሳይሞላ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚከስረው ጥገናው ላይ ነው። ሊሰበር የደረሰ የዳይመንድ ሰይፍ አንቪል ላይ አስቀምጠህ ዳይመንድ ብትጨምርበት፣ አንዱ የሚመልሰው ከ1561 ሩቡን፣ 390 ገደማ ነው። በ2 ዳይመንድ 780 አገኘህ። በነዚያው 2 ዳይመንዶች አዲስ ሰይፍ ብትሠራ ግን ሙሉ 1561 ታገኛለህ። ስለዚህ ኢንቻንት የሌለውን መጠገን ኪሳራ ነው፤ ጣለውና አዲስ ሥራ። ኢንቻንት ካለው ደግሞ አዲስ ባዶ ሰይፍ ሠርተህ አንቪሉ ላይ በሁለተኛው ቦታ አስገባ። ኢንቻንቱ ይቆያል፣ ሰይፉም ሙሉ ይሆናል፤ የሚያስከፍልህም 2 ሌቭል ነው፣ ሁለቱን ዳይመንድ በቀጥታ ብትጨምር የምትከፍለውን ያህል።

ይህም ገደብ አለው። አንቪል ላይ በሠራህ ቁጥር በሚቀጥለው ሥራ ላይ ተጨማሪ ሌቭል ይጫናል፦ 1፣ 3፣ 7፣ 15፣ 31። መጽሐፍ ማስገባትም ይቆጠራል። የአንዱ ጥገና ጠቅላላ ዋጋ 40 ሌቭል ሲደርስ «Too Expensive!» ይልሃል፣ ያ ሰይፍ ከዚያ በኋላ አንቪል ላይ አይጠገንም።

ሜንዲንግ የሚባለውን ኢንቻንት ካገኘህ ሒሳቡ ይገለበጣል። እያንዳንዱ የኤክስፒ ነጥብ 2 ዱራቢሊቲ ይመልሳል፣ ዳይመንድም አንቪልም አያስፈልግም። ያኔ መጥረቢያው የሚበላው ትርፍ ዱራቢሊቲ ብዙም አያሳስብም፤ በተለይ ጋሻ ከያዘ ተጫዋች ጋር ስትዋጋ፣ መጥረቢያ ጋሻውን ለ5 ሰከንድ ስለሚያግደው መያዙ ያዋጣሃል።