ፍንጭቱ የት ገባ? የፊት ቅየራ ጥያቄዎቻችሁ

«የወንድሜን ፊት፣ ፈቅዶልኝ ነው፣ inswapper_128 በሚባለው ፊት ቀያሪ ሞዴል አንድ ቪዲዮ ላይ አስገባሁት። ሲስቅ ጥርሱ ነጭ ፕላስተር ነው የሚመስለው። ኮምፒውተሬ ደካማ ስለሆነ ይሆን?»

ኮምፒውተርህን ተወው። ጉዱ የሞዴሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ቪዲዮህ የቱንም ያህል ቢጠራ ሞዴሉ ፊቱን የሚሠራው በ128 በ128 ፒክሰል ነው። እስቲ እናስላው። ፊቱ ተስተካክሎ ሲቆረጥ አፉ ከጥግ እስከ ጥግ 30 ፒክሰል ገደማ ነው። ሲስቅ 8 የላይ ጥርስ ቢታይ ለአንዱ 4 ፒክሰል እንኳ አይደርሰውም፣ ታዲያ በጥርስና በጥርስ መሃል ያለው መስመር የት ይግባ? የዓይኑ ባለቀለም ክብም ከ6 ወይም 7 ፒክሰል አይበልጥም። ቪዲዮው ላይ ፊቱ 512 ፒክሰል ከሆነ ይቺው ምስል አራት እጥፍ ትለጠጣለች። ደግሞ ሞዴሉ መስመሩ የት እንዳለ እርግጠኛ ካልሆነ መሃል ላይ ያለውን ግምት ይመርጣል፣ ምክንያቱም ሲሠለጥን በዚያ ያነሰ ነው የተቀጣው። ብዥታው ከዚያ ይመጣል።

«ጥርሴ በደንብ የሚታይበት ፎቶ ብሰጠውስ? ፍንጭት ነኝ፣ ፍንጭቴን ሁልጊዜ ያጠፋብኛል።»

ብዙም አይጠቅምሽም። ከፎቶሽ የሚወሰደው ምስሉ አይደለም፣ አርክፌስ የሚባለው ፊት መለያ የሚያወጣቸው 512 ቁጥሮች ናቸው። እሱ ደግሞ የሠለጠነው ስትስቂም ስትኮሳተሪም አንቺ መሆንሽን እንዲያውቅ ነው። ስለዚህ ጥርስ ለእሱ ትርፍ ነገር ነው፣ ይጥለዋል። ቀያሪው ከዚያ በኋላ የማንንም ጥርስ ገምቶ ይስልልሻል።

«GFPGAN የሚባለውን ፊት ማጥሪያ ስጨምርበት ዓይኑም ጥርሱም ጠራ፣ ሰውዬው ግን ሌላ ሰው ሆነ!»

የሚጠበቅ ነው። ማጥሪያው የጠፋውን አያገኝም፣ ካያቸው ብዙ ፊቶች ተነስቶ የሚያምር ነገር ይፈጥራል። የጠራውን ካልጠራው ጋር በግማሽ ብቻ ቀላቅለው። ማጥሪያህ CodeFormer ከሆነ ደግሞ w የምትባለውን ቅንብር ከ0.7 ጀምር፤ ወደ 1 ስትጠጋ ለገባው ፊት ታማኝ ይሆናል፣ ወደ 0 ስትወርድ ያምራል፣ ግን ሰውየው ይሸሻል። ከማጥራትህ በፊትና በኋላ ከእውነተኛው ፎቶ ጋር ያለውን መመሳሰል ለካ። ስትለካ ግን አርክፌስን አትጠቀም። ቀያሪው የሠለጠነው እሱን ለማስደሰት ስለሆነ ውጤቱ ሁልጊዜ ያማረ ነው። በሌላ ፊት መለያ ለካ፣ ወይም ሳትናገር ለእናቱ አሳያት።

ሳታጠራም የማይመስል ከሆነ የአገጩንና የግንባሩን ቅርጽ እይ። እነሱ ባብዛኛው ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው እንደነበሩ ይቀራሉ፣ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ፊቱ የሚቀራረብ ሰው ያለበት ቪዲዮ ምረጥ። ከአንድ ፎቶ ይልቅ ከ5 ወይም 6 የፊት ለፊት ፎቶ የሚወጡትን 512 ቁጥሮች አማካይ ወስደህ ስጠው።

«የአፍ ማስክ ይሻላል ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

ለጥራት አዎ። የአፉ ውስጥ ሳይነካ ከዋናው ቪዲዮ ይቀራል፣ ጥርሱም ቁልጭ ይላል። ግን የሌላ ሰው ጥርስ ነው። ፍንጭቷ እህታችን በዚህም አትካስም፤ እሷ የሚያስፈልጋት በራሷ ፊት ብቻ፣ እየሳቀች በተነሳችው ብዙ ምስል የሚሠለጥን ሞዴል ነው።