በስክሪንሹት ላይ ሰው የጻፈውንና ዋትስአፕ ራሱ ያሰፈረውን መለየት

በጀርመን አገር በጽዳት፣ በመጋዘን ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የነገውን የሥራ ሰዓት ብዙ ጊዜ የምታውቁት ከዋትስአፕ ግሩፕ ነው። በሰዓቱ ጉዳይ ክርክር ሲነሳም አሠሪው በማስረጃነት የሚልከው የዚያኑ ግሩፕ ስክሪንሹት ነው። ጀርመንኛው ገና ያልጠነከረ ሰው ምስሉን ሲያየው ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ሆኖ ይታየዋል። በምስሉ ላይ ግን ከሁለት የተለያየ ምንጭ የመጣ ጽሑፍ አለ፤ አንዱን ሰው ጽፎታል፣ ሌላውን ዋትስአፕ ራሱ በግሩፑ ውስጥ የሆነውን ለማሳወቅ አስፍሮታል። እነዚህን ሳይለዩ መልስ መስጠት፣ ይባስ ብሎም መፈረም፣ ያላደረጉትን ነገር አድርጌያለሁ ብሎ እንደ ማመን ሊቆጠር ይችላል።

ለመለየት ቋንቋውን ማወቅ አያስፈልግም፤ ቅርጹን ማየት ይበቃል። ሰው የጻፈው መልእክት ከግራ ወይም ከቀኝ ጠርዝ ተጠግቶ በራሱ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ በሣጥኑ ታችኛ ጥግም የተላከበት ሰዓት ይታያል። በግሩፕ ውስጥ ከሌላ ሰው የመጣ መልእክት ከሆነ በላዩ የላኪው ስም ወይም ስልክ ቁጥር ይኖራል። የሲስተሙ ማስታወቂያ ግን በስክሪኑ መሐል፣ በትንሽ ፊደል የሚሰፍር ሲሆን በላዩ የላኪ ስም፣ በጥጉ ሰዓት፣ በጎኑም የራይት ምልክት የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው «Sara hat die Gruppe verlassen»፣ ማለትም ሳራ ከግሩፑ ወጣች፣ ብሎ በእጁ ቢጽፍ ጽሑፉ ሣጥንና ሰዓት ይዞ ስለሚመጣ የሲስተም ማስታወቂያ አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

አሁን አንድ ምስል አብረን እናንብብ። ስሞቹ ለምሳሌ ያህል የተሰጡ ናቸው፤ የጽዳት ቡድኑን አለቃ ቶማስ፣ ሠራተኛዋን ሳራ እንበላቸው። ሳራ በማግስቱ እንደ ወትሮው በጀርመን አቆጣጠር በ6 ሰዓት ሥራ ቦታ ስትደርስ ሥራው በ5 መጀመሩን ትሰማለች። አለቃዋ «መልእክቱን አንብበሽ ከግሩፑ ወጥተሻል» ብሎ ከራሱ ስልክ ያነሣውን ይህን ስክሪንሹት ይልክላታል።

```
                 Heute
   Morgen 6 Uhr wie immer.    20:31 ✓✓
   Du hast diese Nachricht
   gelöscht                   21:48
         Du hast Sara entfernt
   Morgen 5 Uhr, Eingang Hof! 22:10 ✓✓
```

ሁለቱም የራይት ጥንዶች ሰማያዊ ናቸው። መሐል ላይ የሰፈሩት ደግሞ የመጀመሪያውና አራተኛው ጽሑፎች፣ ማለትም «Heute» እና «Du hast Sara entfernt» ናቸው። ሁለቱንም ዋትስአፕ እንጂ ማንም ሰው አልጻፋቸውም።

«Heute» ዛሬ ማለት ነው፤ ይህ «ዛሬ» ግን ስክሪንሹቱ የተነሣበት ቀን ነው እንጂ እናንተ ምስሉን የምታዩበት ቀን አይደለም። ያው ምስል በማግስቱ ቢነሣ ኖሮ በዚያው ቦታ «Gestern»፣ ትናንት፣ የሚል ይነበብ ነበር። ስለዚህ ይህ ምስል የተነሣው በዚያው ምሽት ከ22:10 በኋላ፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት ነው። የስልኩ ሰዓት ምስሉ አናት ላይ ካልተቆረጠ ደቂቃውንም ይነግራችኋል።

የክርክሩ ቁልፍ ያለው በአራተኛው ጽሑፍ ላይ ነው። «Du» አንተ ማለት ሲሆን፣ በሲስተም ማስታወቂያ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያመለክተው የስልኩን ባለቤት ነው። «entfernt» ደግሞ አስወጣ ወይም አስወገደ ማለት ነው። ሳራ በራሷ ፈቃድ ወጥታ ቢሆን ኖሮ «verlassen» የሚለው ቃል ይታይ ነበር። እዚህ ግን የስልኩ ባለቤት፣ ማለትም ራሱ ቶማስ፣ እንዳስወጣት ነው የተጻፈው። አንድ ሰው ሌላውን ወደ ግሩፕ ሲያስገባ የሚታየው ቃል «hinzugefügt» ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት ለይቶ ማወቅ በጀርመንኛ ስክሪንሹት ላይ ከሚነሡት ጥያቄዎች አብዛኛውን ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

ማስታወቂያው ሰዓት ባይኖረውም ጊዜው ፈጽሞ የማይታወቅ አይደለም፤ ከላዩና ከታቹ ያሉት መልእክቶች ሰዓት አጥረው ይይዙታል። ሳራ የተወገደችው ከ21:48 በኋላ፣ ከ22:10 በፊት ነው። የሰዓት ለውጡን የሚናገረው መልእክት፣ «ነገ 5 ሰዓት፣ በግቢው መግቢያ!» የሚለው፣ የተላከው በ22:10 ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ሳራ በግሩፑ ውስጥ አልነበረችም፤ መልእክቱም ስልኳ ላይ አልደረሰም። አለቃው በማስረጃነት የላከው ምስል በዚህ መንገድ ሲነበብ ለእርሷ የሚመሰክር ሆኖ ይገኛል።

ሰማያዊው ራይትስ? አንድ ግራጫ ራይት መልእክቱ ከላኪው ስልክ መውጣቱን፣ ሁለት ግራጫ መድረሱን፣ ሁለት ሰማያዊ መነበቡን ያመለክታል። በግሩፕ ውስጥ ግን ሰማያዊ የሚሆነው መልእክቱ ሲላክ በግሩፑ የነበሩት ሁሉ ከከፈቱት በኋላ ነው። የ22:10ኛው መልእክት ሰማያዊ መሆን የቀሩት አባላት እንዳነበቡት ይናገራል፤ ስለ ሳራ የሚለው ምንም ነገር የለም። የ20:31ኛው ሰማያዊ ራይት ግን እርሷንም ይጨምራል፤ «እንደ ወትሮው 6 ሰዓት» የሚለውን እንዳነበበች ያሳያል፣ በማግስቱም የመጣችው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በሁለት ሰዎች መካከል ባለ የግል ንግግር ማንም ሰው የንባብ ምልክቱን በሴቲንግ ውስጥ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ግራጫ ሆኖ የቀረ ራይት «አላነበበም» ለማለት አይበቃም። በግሩፕ ውስጥ ግን ያ ሴቲንግ አይሠራም። ስለዚህ በግሩፕ ጉዳይ ላኪው ራሱ መልእክቱን ተጭኖ ይዞ «Info» የሚለውን ቢከፍት፣ ማን መቼ እንዳነበበው በስም ተዘርዝሮ ያገኘዋል። «አንብበሻል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ በትሕትና የምትጠይቁት ይህን ገጽ ነው። ስማችሁ በአንባቢዎቹ ዝርዝር ከሌለ መልእክቱን በግሩፑ ውስጥ እንዳልከፈታችሁት ያሳያል።

የጠፋውን መልእክት በተመለከተ፣ «Du hast diese Nachricht gelöscht»፣ ማለትም ይህን መልእክት አጥፍተሃል፣ የሚለው ቃል የሲስተሙ ቢሆንም የተቀመጠው በላኪው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሰዓትም አለው። ምክንያቱ በዚያ ቦታ የሰው መልእክት ስለነበረ ነው። በተቀባዩ ስልክ ላይ «Diese Nachricht wurde gelöscht»፣ ይህ መልእክት ጠፍቷል፣ ተብሎ ይነበባል። 21:48 የሚለው መልእክቱ የተላከበት ሰዓት ነው እንጂ የጠፋበት አይደለም፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይጥፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከምስሉ መለየት አይቻልም። ቶማስ ሳራን ከግሩፑ ካስወጣት በኋላ አጥፍቶት ከሆነ ግን የመጀመሪያው ጽሑፍ በእርሷ ስልክ ላይ እስካሁን ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል የራሷን ስልክ መመልከት አለባት። ከዚህም ሌላ፣ ዋትስአፕ «ከእኔ ስልክ ብቻ አጥፋ» የሚል ምርጫ አለው፤ በዚህ መንገድ የጠፋ መልእክት በዚያ ስልክ ላይ ምንም ምልክት አይተውም። ስለዚህ ከሰው ስልክ የተነሣ ስክሪንሹት ላይ አንድ መልእክት አለመታየቱ ብቻውን አለመላኩን አያረጋግጥም።

ከግሩፕ ስትወጡ ወይም ስትወገዱ ሰዎች በንዴት መላውን ግሩፕ ከስልካቸው ሲያጠፉት አያለሁ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የተወገደ ሰው እስከዚያች ሰዓት ድረስ የነበረውን ንግግር በስልኩ ይዞ ይቀራል፣ መጨረሻው ላይም «Thomas hat dich entfernt» የሚለውን ያገኛል። በአንድሮይድ ስልክ ግሩፑን ከፍታችሁ በላይኛው ጥግ ካሉት ሦስት ነጥቦች «Mehr»፣ ከዚያም «Chat exportieren» የሚለው ምርጫ በስልካችሁ ላይ ካለ እርሱን ስትጫኑ ንግግሩ በጽሑፍ ፋይል ይወጣል። በዚህ ፋይል ላይ ስክሪኑ የደበቀው ነገር ይገለጣል፤ የሲስተም ማስታወቂያዎቹም ሰዓት ይኖራቸዋል። ከሳራ ፋይል ሁለት መስመሮችን ብቻ እንመልከት።

```
12.03.24, 20:31 - Thomas: Morgen 6 Uhr wie immer.
12.03.24, 21:57 - Thomas hat dich entfernt.
```

በመጀመሪያው መስመር ከሰረዙ በኋላ የላኪው ስምና ሁለት ነጥብ ይመጣል፤ ይህ የሰው መልእክት ነው። በሁለተኛው ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ የለም፤ ይህ የሲስተሙ ቃል ነው። ፋይሉን ለጠበቃ ወይም ለሠራተኛ ማኅበር ስትሰጡ ሰዓቱን በማሽኑ እንደተጻፈው ተዉት። 21:57ን በእኛ አቆጣጠር «ከምሽቱ 3:57» ብላችሁ ብትጽፉ ሌላ ሰዓት ይመስልና ጭቅጭቅ ይፈጥራል።

በገልፍ አገሮችና በእስራኤል ያላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይገባችኋል። የስልኩ ቋንቋ ዐረብኛ ወይም ዕብራይስጥ ሲሆን ስክሪኑ እንዳለ ይገለበጣል፤ የስልኩ ባለቤት የጻፈው በግራ፣ ከሌሎች የመጣው በቀኝ ይሆናል። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ስልክ የለመደ ዓይን የአሠሪዋን ቃል የሠራተኛዋ፣ የሠራተኛዋንም የአሠሪዋ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ጎኑን ትታችሁ ራይቱን ተከተሉ። የራይት ምልክት የሚታየው የስልኩ ባለቤት በላከው መልእክት ላይ ብቻ ነው። የማስታወቂያዎቹ ቋንቋም የምስሉን ምንጭ ይጠቁማል፤ ዋትስአፕ የሚጽፈው በስልኩ ወይም በራሱ በዋትስአፕ ላይ በተመረጠው ቋንቋ ስለሆነ፣ ሰዎቹ በአማርኛ እየተጻጻፉ ማስታወቂያው «تم حذف هذه الرسالة» ወይም «הודעה זו נמחקה» ቢል፣ ሁለቱም «ይህ መልእክት ጠፍቷል» ማለት ሲሆን፣ ምስሉ የተነሣው ዋትስአፑ በዐረብኛ ወይም በዕብራይስጥ ከሚሠራ ስልክ ነው።

ስክሪንሹቱን በስልክ ካሜራ ከማስተርጎማችሁ በፊት መሐል ላይ ያሉትን መስመሮች በጣት ወይም በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉባቸው። ትርጉሙ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ ሲወጣ መሐሉና ጎኑ ስለሚጠፋ የሲስተሙም የሰውም ቃል አንድ ተከታታይ ንግግር ሆኖ ይቀርባል። በእጅ የምትተረጉሙ ከሆነም በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ፊት «የሲስተም ማስታወቂያ» ብላችሁ ጻፉ፤ «Du» የሚለውንም «አንተ» ብላችሁ አትተዉት፣ ስክሪንሹቱ ከማን ስልክ እንደተነሣ አረጋግጡና የዚያን ሰው ስም በቅንፍ አስገቡ።